የደረሰኝ መረጃን በራሱ የሚፈትሽ ደንብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የግዥ ደረሰኞችን ወደ ኮምፒውተር ከሚያስገቡ የሒሳብ ሠራተኞችና ከሱቅ ባለቤቶች ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የፍተሻ ደንብ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ደረሰኝ ላይ ያለው መረጃ እርስ በርሱ ይመሰክራል። ብዛቱ በነጠላ ዋጋው ሲባዛ የመስመሩን ሒሳብ ይሰጣል። መስመሮቹ ሲደመሩ ከቫት በፊት ያለውን ድምር ይሰጣሉ። ቫቱ ከዚያ ድምር ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ደግሞ ጠቅላላው ይመጣል። የፍተሻ ደንብ ማለት ይህንን ምስክርነት ኮምፒውተሩ ራሱ፣ ልክ ስታስገቡ፣ እዚያው እንዲሰማ ማድረግ ነው። ካልተስማሙ ይነግራችኋል።

ትልቅ ሶፍትዌር አያስፈልግም። በኤክሴል አንድ ተጨማሪ ዓምድ ከፍታችሁ ቀመር ብትጽፉ ደንብ ሠራችሁ ማለት ነው። ከታች የምሰጣቸው ምሳሌዎች አብዛኞቹ ለኤክሴል የሚሆኑ ናቸው። ዋጋዎቹ ግን ለማስረዳት የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ከየትኛው ደንብ ልጀምር?

ከሦስት። የሻጩ ቲን ቁጥር ቅርጽ፣ የሒሳቡ ድምር፣ እና ቀኑ። በእጅ ሲገባ የሚሳሳተው አብዛኛው ነገር እዚህ ውስጥ ነው። 40 ደንብ ይዞ የጀመረ ሰው በሳምንቱ ሁሉንም ሲያጠፋ አይቻለሁ።

ቲን 10 አሃዝ ነው ይባላል። የኔ ኤክሴል ግን 8 ብቻ ያሳያል። ለምን?

መጀመሪያ ላይ ያሉትን ዜሮዎች በልቷቸው ነው። ብዙ ቲን ቁጥሮች በ00 ይጀምራሉ። ኤክሴል ደግሞ ያስገባችሁትን እንደ ቁጥር ስለሚያየው 0012345678 ብላችሁ ስትጽፉ 12345678 አድርጎ ያስቀምጠዋል። ለእሱ ከፊት ያለ ዜሮ ዋጋ የለውም። ለገቢዎች ግን አለው።

መፍትሔው ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን ቴክስት ማድረግ ነው። ከጻፋችሁ በኋላ ብትቀይሩት የጠፋው ዜሮ አይመለስም። ከዚያ ይህንን ቀመር በጎን አስገቡ። ርዝመቱ 10 መሆኑንና እያንዳንዱ ፊደል አሃዝ መሆኑን ያያል፦

```
=AND(LEN(A2)=10,SUMPRODUCT(--ISNUMBER(--MID(A2,ROW($1:$10),1)))=10)
```

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «8 አሃዝ ከሆነ ሁለት ዜሮ ራሱ ይጨምርበት» የሚል ቀመር የሚሠሩ አሉ። አታድርጉት። ሠራተኛው ሁለት አሃዝ ዘሎ ከሆነ ኮምፒውተሩ የሌላ ሰው ቲን ፈጥሮ ያሳልፍላችኋል። ዜሮ መሙላት የሚቻለው ፋይሉ ከሌላ ሲስተም ሲመጣ ዜሮው እንደተቆረጠ በእርግጠኝነት ስታውቁ ብቻ ነው። ያኔም ከአቅራቢዎች ዝርዝራችሁ ጋር አስተያዩት።

10 አሃዝ ከሆነ ቲኑ ትክክል ነው ማለት ነው?

አይደለም። ቅርጹ ልክ ነው ማለት ብቻ ነው። 1111111111 ብትጽፉም ከላይ ያለው ቀመር ያልፋል። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃ ያስፈልጋል። አንድን አቅራቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመዘግቡ ቲኑን ከንግድ ፈቃዱ ጋር አመሳክሩ። የንግድ ፈቃድ በቲን የሚፈለግበት የመንግሥት ድረ ገጽም አለ፣ `etrade.gov.et`። አንዴ ከተረጋገጠ ቲኑ በዝርዝራችሁ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው አቅራቢውን ከዝርዝር ይመርጣል እንጂ በየደረሰኙ አይጽፈውም። በእኔ ልምድ ከማንኛውም ቀመር በላይ ስህተት የቀነሰልኝ ይህ ነው።

ሁለት ስህተቶች ግን ከዚህም ሾልከው ይገባሉ። አንደኛው የራስ ቲን ነው። ደረሰኝ ላይ የሻጩም የገዢውም ቲን አለ። ቸኩሎ የሚያስገባ ሰው የገዢውን፣ ማለትም የራሱን መሥሪያ ቤት ቲን በሻጩ ቦታ ይጽፋል። ቅርጹ ፍጹም ትክክል ስለሆነ የሚያግደው የለም። «የሻጭ ቲን ከእኛ ቲን ጋር እኩል ከሆነ አቁም» የሚል ደንብ ጨምሩ፤ አንድ መስመር ነው። ሁለተኛው የቫት ምዝገባ ቁጥርን በቲን ቦታ መጻፍ ነው። የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፣ ሁለቱም ደረሰኝ ላይ ተቀራርበው ይታተማሉ። የርዝመት ደንቡ አንዳንዱን ይይዛል። የቀረውን ግን የሚይዘው የአቅራቢዎች ዝርዝር ነው።

ብዛቱን በዋጋው ሳባዛ ጥቂት ሳንቲም ይለያያል። ሻጩ አጭበርብሮ ነው?

በፍጹም። ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ስለሚመጣልኝ በደንብ ላስረዳው። አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደብተር ቫትን ጨምሮ 100 ብር ይሸጣል እንበል። ደንበኛው 12 ገዛ፣ 1,200 ብር ከፈለ። ደረሰኙ ግን ዋጋውን ያለ ቫት ነው የሚያሳየው። ቫቱ 15 በመቶ ስለሆነ 100 ለ1.15 ሲካፈል 86.956521 እያለ ይቀጥላል። ወረቀቱ ላይ ሁለት የሳንቲም ቦታ ብቻ ስላለ 86.96 ተብሎ ይታተማል። የመስመሩ ሒሳብ ግን ካልተጠጋጋው ዋጋ ስለሚሰላ 1,043.48 ይሆናል። እናንተ 86.96ን በ12 ስታባዙ 1,043.52 ታገኛላችሁ። ልዩነቱ 4 ሳንቲም ነው። ማንም አልሰረቀም።

ስለዚህ ደንቡ «እኩል መሆን አለበት» ካለ ደህናውን ደረሰኝ ያግዳል። ታዲያ ስንት ይፈቀድ? ብዙ ሰው ዝም ብሎ «1 ብር» ይላል። እኔ አልወደውም። 2 እስክሪብቶ ሲሆን 1 ብር በጣም ልቅ ነው። 500 ደብተር ሲሆን ደግሞ ይጠባል፤ በዚሁ ዋጋ 500 ደብተር ሲባዛ ልዩነቱ 1 ብር ከ74 ሳንቲም ይደርሳል። የልዩነቱ ምንጭ የነጠላ ዋጋው መጠጋጋት ነው። መጠጋጋት በአንድ ዕቃ ቢበዛ ግማሽ ሳንቲም ያስታል። ስለዚህ የሚፈቀደው ልዩነት ግማሽ ሳንቲም ሲባዛ በብዛቱ ነው። በዚያ ላይ የመስመሩ ሒሳብ ራሱ ስለተጠጋጋ ሌላ ግማሽ ሳንቲም ይጨመራል። B ብዛት፣ C ነጠላ ዋጋ፣ D የመስመሩ ሒሳብ ከሆኑ፦

```
=ABS(ROUND(B2*C2,2)-D2)<=0.005*B2+0.005
```

ለ12 ደብተር ገደቡ 6 ሳንቲም ተኩል ነው፣ 4ቱ ሳንቲም ያልፋል። ለ500ው 2 ብር ተኩል ገደማ ነው፣ እሱም ያልፋል። ሠራተኛው 86.96ን 89.66 ብሎ ቢጽፍ ግን በ12 ደብተር ከ32 ብር በላይ ስለሚርቅ ወዲያው ይያዛል።

ለድምሩና ለቫቱስ ያው ልዩነት ይፈቀዳል?

አይ፣ እዚያ ጠበቅ ይላል። ያንኑ ደረሰኝ እንጨርሰው። ከ12ቱ ደብተር ሌላ 5 ደስጣ ወረቀት በ700 ብር አለበት፣ 3,500.00። ከ1,043.48 ጋር ሲደመር 4,543.48 ነው። 15 በመቶው 681.522 ስለሆነ 681.52 ተብሎ ይጻፋል። ጠቅላላው 5,225.00። ደንበኛውም የከፈለው ይህንኑ ነው።

የመጨረሻው መደመር፣ ማለትም ድምር ሲደመር ቫት፣ ምንም ልዩነት አይፈቀድለትም። የታተሙ ሁለት ቁጥሮችን መደመር ነውና ሰበብ የለውም። ለቫቱ ግን በእያንዳንዱ መስመር ግማሽ ሳንቲም እፈቅዳለሁ። አንዳንድ ፕሮግራም ቫትን በየመስመሩ አስልቶ ያጠጋጋል፣ ሌላው በድምሩ ላይ አንዴ ያሰላል። ሁለት መስመር ላለው ደረሰኝ 1 ሳንቲም ማለት ነው። መስመሮቹን ስትደምሩም ገደቡ ያው ይሁን።

ፕሮግራም ለምትጽፉ ደግሞ፦ ገንዘብን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። ኮምፒውተር 0.1 ሲደመር 0.2 ልክ 0.3 ነው ብሎ አያምንም። ልዩነቷ ኢምንት ናት፣ «እኩል ነው ወይ» የሚለው ደንብ ግን በእሷ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን ስህተት ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ልዩነቱ በመቶና በሺህ ብር ሲሆንስ? ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቻላል?

ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ከላይ ያለውን 4,543.48 ሠራተኛው 4,453.48 ብሎ አስገባ እንበል። ልዩነቱ 90 ብር ነው፣ ለ9 ይካፈላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ በሳንቲም ሲቆጠር ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። የድሮ ሒሳብ ሹሞች በእጅ የሚሠሩባት ዘዴ ናት። በእርግጥ በአጋጣሚም ለ9 የሚካፈል ቁጥር አለ። ስለዚህ ደንቡ «አሃዝ ተቀያይሮ ይሆን?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ ራሱ አያስተካክል።

ጅማ ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ፣ ፈረሱላ። የቡና ሒሳብ ላይ ብዛቱ በፈረሱላ ተጽፎ ዋጋው የኪሎ ይሆናል። 25 ፈረሱላ፣ የኪሎ ዋጋ 300 ብር፣ የመስመሩ ሒሳብ 127,500 ብር። ኮምፒውተሩ 25ን በ300 አባዝቶ 7,500 ያገኛል፣ «ስህተት!» ብሎ ይጮኻል። 127,500ን ለ7,500 ስታካፍሉት ልክ 17 ይመጣል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ 25ቱ 425 ኪሎ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፣ መለኪያው ነው የተሳሳተው። ኩንታል ከሆነ ውጤቱ 100 ይሆናል። እኔ ደንቡ ላይ ይህችን ጨምሬያለሁ፦ መስመሩ ካልተስማማ አንዱን ለሌላው አካፍል፣ 17 ወይም 100 ከመጣ «መለኪያውን ተመልከት» በል። ቡና መጋዘን ያሉ ልጆች በጣም ወደዷት።

ሦስተኛው ምንጭ ዊዝሆልዲንግ ነው። ከቫት በፊት 40,000፣ ቫት 6,000፣ ጠቅላላ 46,000 የሆነ ደረሰኝ ያዙ። ተቀናሹ ከቫት በፊት ካለው ላይ 2 በመቶ ከሆነ 800 ብር ተቀንሶ ቼኩ 45,200 ይወጣል። ሠራተኛው ቼኩን አይቶ የደረሰኙን ጠቅላላ 45,200 ብሎ ይጽፋል። የደረሰኙ ጠቅላላ ግን 46,000 ነው፤ ተቀናሹ የክፍያ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ዓምድ ይኑረው። ምጣኔውንም ቀመር ውስጥ አትቅበሩት። «ከዚህ ቀን ጀምሮ ይህን ያህል» ብላችሁ በጎን ሰንጠረዥ ያዙት፤ ሕግ ሲቀየር የድሮ ደረሰኞች በድሮው ይፈተሻሉ።

ቫቱ ከድምሩ 15 በመቶ አይሞላም። ደንቡ ያግደው?

መጀመሪያ ደረሰኙ ላይ ከቫት ነፃ የሆነ ዕቃ መኖሩን እዩ። የተደባለቀ ከሆነ ቫቱ የሚሰላው ግብር ባለባቸው መስመሮች ላይ ብቻ ነው። በማሽን ደረሰኝ ላይ `TXBL1` ከሚለው ጎን ግብር የሚሰላበት ድምር፣ `TAX1` ከሚለው ጎን ቫቱ ይታተማል። ደንቡ እነዚህን ሁለቱን ያስተያይ። በኤክሴል እያንዳንዱ መስመር ጎን «ቫት አለው/የለውም» የሚል ዓምድ ካለ ጉዳዩ ያልቃል።

ሲስተሙ ጳጉሜን አይቀበልም። ምን ላድርግ?

የፈረንጅ ቀን ብቻ የሚያውቅ ሲስተም 13ኛ ወር የለውም። ሰዎች ታዲያ ጳጉሜን 3ን ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 አድርገው ያስገባሉ። መስከረም 1 ሲሆን ደግሞ ዓመቱ ተቀየረ ማለት ነው። ደረሰኙ ላይ የሌለ ቀን መዝገብ ውስጥ ገባ፣ ኦዲተር ሲመጣ ማን ያስረዳል?

የኢትዮጵያን ቀን እንደ አንድ ጽሑፍ ሳይሆን በሦስት ሳጥን ተቀበሉ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ደንቡ ቀላል ነው። ከ1 እስከ 12 ያሉት ወሮች ሁሉ 30 ቀን አላቸው። ጳጉሜን 5 ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ግን 6። ዘመነ ሉቃስ ማለት ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍበት ነው። 2015 እንዲያ ነበር፣ ጳጉሜን 6 ነበራት። በፓይተን፦

```
def ec_ok(d, m, y):
    if 1 <= m <= 12:
        return 1 <= d <= 30
    if m == 13:
        return 1 <= d <= (6 if y % 4 == 3 else 5)
    return False
```

ቀኑ ካለፈ በኋላ ፕሮግራሙ ወደ ፈረንጅ ቀይሮ በጎን ያስቀምጠው። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ግን እንዳለ ይቆይ።

የኛና የፈረንጅ ቀን ተደባልቆ ገብቷል። እንዴት ልለየው?

የማሽን ደረሰኝ ብዙውን ጊዜ የፈረንጅ ቀን ያትማል። በእጅ የሚጻፈው በእኛ ነው። ሁለቱም አንድ ዓምድ ውስጥ ሲገቡ ነው ጉዱ። 30/06/2017 ን ውሰዱ። የካቲት 30 ቀን 2017 ነው፣ በፈረንጅ ማርች 9 ቀን 2025። ኤክሴል ግን ቀንን በቀን/ወር/ዓመት ቅደም ተከተል እንዲያነብ ከተዘጋጀ የ2017 ጁን 30 አድርጎ ይቀበለዋል፣ አንድም ቃል አይተነፍስም። ደረሰኙ በአንድ ጊዜ ወደ 8 ዓመት ገደማ አረጀ።

30/02/2017 ን ብትጽፉ ደግሞ፣ ማለትም ጥቅምት 30፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል ቀን አድርጎ አይወስደውም፤ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ይህችን በዓይን መያዝ ይቻላል። ቀን የሆነው ወደ ሳጥኑ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀኝ ግማሹ ግራ ካያችሁ ተደባልቋል። ዓምዱን ማንም መሃል አድርጎ ካሰለፈው ግን ምልክቷ ትጠፋለች፤ ውበት ብለው ያደርጉታል።

የአዲስ ደረሰኝ ከሆነ ዓመቱ ራሱ ይለያል፤ በሁለቱ መካከል 7 ወይም 8 ዓመት አለ። «ቀኑ ከዛሬ ከአንድ ዓመት በላይ ካረጀ ጠይቅ» የሚል ደንብ አብዛኛውን ድብልቅ ይይዛል። የድሮ ማኅደር ስታስገቡ ግን ይህ አይሠራም። ያኔ «የኢትዮጵያ/የፈረንጅ» የሚል ምርጫ ከቀኑ ጎን አስቀምጡ፣ ሠራተኛው ይምረጥ። ኮምፒውተሩ እንዲገምት አትፍቀዱለት።

ገና ያልደረሰ ቀን ያለውን ደረሰኝ ማገድ አለብኝ?

አዎ፣ ግን «ዛሬ»ን ከየት እንደምታገኙ እወቁ። አንድ መሥሪያ ቤት ይህን ደንብ ሠርቼ ሰጠሁ። በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለ። «ሁሉንም ደረሰኝ እምቢ ብሏል፣ ና ቶሎ!» ሄጄ ሳይ የኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ አልቃለች። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የማሽኑ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። ለእሱ የትናንት ደረሰኝ ሁሉ ገና ያልመጣ ዘመን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አላሰብኩትም። አሁን ደንቡ መጀመሪያ የራሱን ሰዓት ይፈትሻል። የኮምፒውተሩ የዛሬ ቀን በመጨረሻ ከገባው መዝገብ ቀን የቀደመ ከሆነ ደረሰኙን ትቶ «የኮምፒውተሩን ቀን አስተካክሉ» ይላል።

የበጀት ዓመት መዝጊያም አለ። ሐምሌ 2 ቀን የተጻፈ ደረሰኝ ወደ ሰኔ ሒሳብ ሲገባ አታግዱ፣ ጠይቁ። በቂ ምክንያት ያለው ሊሆን ይችላል።

አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ በኤፍ ኤስ ቁጥሩ መፈተሽ ይበቃል?

አይበቃም። ኤፍ ኤስ ቁጥር የሚቆጠረው በየማሽኑ ነው። ሁለት ሱቅ ውስጥ ያሉ ሁለት ማሽኖች ሁለቱም 00001520 ሊያትሙ ይችላሉ። በዚህ ብቻ ብታግዱ ደህናውን ደረሰኝ ትመልሳላችሁ። ቁልፉ የማሽኑ መለያና ኤፍ ኤስ ቁጥሩ አብረው ናቸው። የማሽኑ መለያ `MRC` ከሚለው ጎን ይታተማል። ሁለቱም አንድ ከሆኑ ያ ደረሰኝ ገብቷል፣ ያለ ጥያቄ አግዱ።

በእጅ የተጻፈ ከሆነ የሻጩ ቲንና የደረሰኙ ቁጥር ይያዙ። እዚያ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሁን፤ ጥራዝ ሲቀየር ቁጥር እንደገና ከ1 የሚጀምር አለ። ቁጥሩን ከማነጻጸራችሁ በፊት ባዶ ቦታዎችን አስወግዱ። «1520» እና «1520 » ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት።

ደንቡ ሲያግድ ልጆቹ ቁጥር እየቀያየሩ ያሳልፉታል። ምን ይሻላል?

ይህ የሠራተኛ ጥፋት ብቻ አይመስለኝም። መውጫ ያልተበጀለት ደንብ ሰውን ውሸት ያስተምራል። ጫት ሰዓት ደርሷል፣ ሻጩ ክፍያ እየጠበቀ ቆሟል፣ ኮምፒውተሩ በ2 ሳንቲም እምቢ ብሏል። ልጁ ምን ያድርግ? ሁለት ሳንቲም ይቀንስና ይገላገላል። ከዚያ መዝገቡ ከወረቀቱ ጋር አይገናኝም፤ ደንቡ ባይኖር ይሻል ነበር።

ስለዚህ ደንቦቹን ለሁለት ከፍሉ። የሚያግዱት ጥቂት ይሁኑ፦ ቲን 10 አሃዝ ያልሆነ፣ የራስ ቲን፣ ተደጋጋሚ የማሽን ደረሰኝ፣ የሌለ ቀን፣ ገና ያልደረሰ ቀን። ሌላው ይጠይቅ እንጂ አያግድ። ሠራተኛው ምክንያት ጽፎ ያልፋል፣ ስሙና ሰዓቱ ይመዘገባል። በወር መጨረሻ የትኛው ደንብ ስንት ጊዜ እንደታለፈ ቁጠሩ። አንዱ ደንብ በየቀኑ የሚታለፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ደንቡ ነው። የ1 ብሩን ገደብ ትቼ በብዛት የሚባዛውን የወሰድኩት እኔም ይህን ቆጥሬ ነው።

መልእክቱም ይጻፍ እንደ ሰው። «ስህተት 14» አይረዳም። «መስመሮቹ ሲደመሩ 4,543.48 ናቸው፣ አንተ 4,453.48 ጽፈሃል» ሲል ግን ልጁ በ5 ሴኮንድ ያስተካክላል።

ወረቀቱ ራሱ ከተሳሳተስ? ትክክለኛውን ቁጥር ላስገባ?

አታስገቡ። ይህ ሁሉንም የሚያሳስት ቦታ ነው። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ላይ ሻጩ ራሱ ድምሩን ተሳስቶ ይሆናል። ደንቡ ይይዘዋል፣ እናንተም ትክክለኛውን ታውቁታላችሁ፣ እጃችሁ ይበላችኋል። ግን ያ ደረሰኝ በሻጩ በኩልም ኮፒ አለው። እናንተ ያስተካከላችሁት ከእሱ ኮፒ ጋር አይገጥምም፣ ግብሩ ሲመሳከር የምትጠየቁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳለ አስገቡ፣ «ታግዷል፣ ወደ ሻጭ የተመለሰ» የሚል ምልክት ስጡት፣ ክፍያውን አቁሙ። ሻጩ ያንን ሰርዞ ሌላ ይቁረጥ። በእስክሪብቶ ሰርዞ በላዩ ላይ መጻፍ አይሆንም። መርካቶ ያለ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ደረሰኝ ስመልስባቸው «ልጄ፣ ለ10 ብር ነው ከቤትህ የመጣኸው?» ብለው ስቀውብኛል። ቡና አስቀድተው አዲሱን ቆረጡልኝ። አሁን ድምሩን ሳልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ይደምሩታል።